ለመጨረሻው ዙር ደርሶ ላልተመረጠ ሰው ምን ይጻፍ? «ሁሉንም ንገሩት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«እስከ መጨረሻው ዙር ያደረሳችሁትን ሰው "አልተመረጥክም" ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። ነጥቡን፣ የአሸናፊውን ነጥብና የፈታኞቹን አስተያየት በዝርዝር ጻፉለት፤ ግልጽነት ማለት ይህ ነው። ተስፋውን አትቁረጡበት፤ "ትንሽ ነው የቀረህ፣ ቀጣዩ ቦታ ያንተ ነው" በሉት። ውሳኔው በተሰጠበት ቀን ለሁሉም ይድረስ። ደብዳቤ ስሜት የለውም፤ ደውሉለት፣ ጥያቄው እስኪያልቅም መልሱለት።»

ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉት ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጸሐፊው ለእንዲህ ያለ ምክር የተነሡበት ቁጭት ትክክለኛ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ዋስ እንኳ አዘጋጅ ተብሎ የነበረ ሰው ውጤቱን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይዋረዳል። ድሬዳዋን በመሰለች፣ የከዚራው ወሬ ሳይመሽ ሳቢያን በሚደርስባት ከተማ ደግሞ ይህ በየጊዜው ይደርሳል። ዝምታ ክብር የጎደለው መሆኑ አያከራክርም። እኔ የምለየው በመድኃኒቱ ነው። ከአራቱ ምክሮች ሦስቱ ተወዳዳሪውን የበለጠ ይጎዳሉ፤ አሠሪውንም ሊቀር በሚችል ክርክር ውስጥ ይከታሉ።

የምናገረው ስለ ግል ድርጅቶችና መንግሥታዊ ስላልሆኑ ተቋማት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤት የሚለጠፍበትና ቅሬታ የሚቀርብበት የራሱ ሥርዓት ስላለው እዚህ አይገባም።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በድሬዳዋ ያለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ይፈልጋል እንበል። የጽሑፍ ፈተና ከ40፣ የተግባር ፈተና ከ30፣ ቃለ መጠይቅ ከ30 ይያዛል፤ ማለፊያው 70 ነው። ለመጨረሻው ዙር ሦስት ሰዎች ደረሱ። አንደኛው ወንድ በጽሑፍ 31፣ በተግባር 25፣ በቃለ መጠይቅ 25 አግኝቶ ድምሩ 81 ሆነ። ሁለተኛዋ ሴት ስትሆን በጽሑፍ 34፣ በተግባር 24.5 አገኘች፤ በቃለ መጠይቁ ሦስቱ ፈታኞች 20፣ 22 እና 25 ስለሰጧት አማካዩ 22.33 ነው። ድምሯ 80.83 ሆነ። ሦስተኛው 66 ስላገኘ ማለፊያውን አላለፈም።

ነጥብና አስተያየት በዝርዝር ስለ መላክ

ጸሐፊው እንዳሉት ለሴትዮዋ ዝርዝሩ ይላክላት። የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛ ቁጥሩ እንዲያምር ነጥቡን ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋና «እርስዎ 81፣ የተመረጠው 81፤ በጥቂት ልዩነት ነው» ብሎ ይጽፋል። ሰውዬው ይህን የጻፈው ሊያጽናናት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87 ግን ሴቶች ለቅጥር ከወንዶች ጋር ተወዳድረው እኩል ውጤት ካገኙ ቅድሚያ እንደሚሰጣቸው ይደነግጋል። ድርጅቱ እኩል መሆናቸውን በገዛ እጁ ጽፎና ማኅተም አድርጎ ሰጥቷታል። ከዚህ በኋላ 80.83 ነበር ብሎ ማስረዳት የድርጅቱ ሸክም ይሆናል። እርሷም የተዋሸችው በመጀመሪያው ደብዳቤ ይሁን በሁለተኛው ማብራሪያ ለማወቅ አትችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ሁለቱ በእርግጥ 81 ለ 81 ቢሆኑና ወንዱ ቢመረጥ ኖሮ ችግሩ የደብዳቤው ሳይሆን የውሳኔው ነው፤ መታረም ያለበትም ምንም መልእክት ሳይወጣ ነው። ደብዳቤ የተበላሸ ውሳኔን ለመሸፈኛ መዋል የለበትም። ስለዚህ ማንኛውም መልእክት ከመላኩ በፊት ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው የነጥብ ወረቀቶቹን ይደምሩ፣ እኩል የመጡ እንዳሉ ይዩ፣ የማጠጋጊያ ደንብ ካለም ከፈተናው በፊት የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ማጠጋጋቱ ቀርቶ ትክክለኛው ነጥብ ቢላክስ? ያኔም የ0.17 ልዩነት ይታያል። ይህ ልዩነት የመጣው ደግሞ ፈታኞቹ በአምስት ነጥብ ከተለያዩበት ቃለ መጠይቅ ነው። ማንም አስተዋይ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «20 የሰጠኝ ማነው? ለምን?» ብሎ ነው። የድሬዳዋ ፈታኝ ነገ በመጋላ ገበያ፣ ከነገ ወዲያ በሠርግ ቤት ያገኛታል። ድርጅቱ ደግሞ ፈታኞቹን ሐሳባቸውን በነጻነት እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው አስተያየታቸው ከነስማቸው ይወጣል አላላቸውም። የአሸናፊውም ነጥብ የእርሱ የግል መረጃ ነው። ሥራውን ሳይጀምር «በ0.17 ያለፈው» እየተባለ ወደ መጋዘኑ እንዲገባ ማድረግ ለማንም አይጠቅምም።

በጽሑፍ ከሚሰጡ ምክንያቶች ከሁሉ የከፋው ግን በማስታወቂያው ላይ ያልነበረ መስፈርት ነው። ማስታወቂያው አማርኛና እንግሊዝኛ ብሎ ወጥቶ ደብዳቤው «ከደንበኞቻችን ጋር በሶማሊኛና በኦሮምኛ መግባባት ስለሚያስፈልግ» ቢል፣ በድሬዳዋ ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ቋንቋ ችሎታ ብቻ ተደርጎ አይነበብም። የተወላጅነት ጉዳይ ሆኖ ይነበባል፤ ያነበበውንም ሰው መውቀስ አይቻልም። ቋንቋው ለሥራው በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፣ ነጥብ ይመደብለት፣ ይፈተን። ያልተጻፈና ያልተፈተነ ነገር በስንብት ደብዳቤ ላይ መታየት የለበትም።

ከቅን ልብ የሚወጣ ስሕተትም አለ። ለአካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ «መጋዘኑ ደረጃ ስለሚበዛው እንዳይቸገሩ ብለን ነው» ተብሎ ይጻፋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በምልመላ መድልዎ ደረሰብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ አካል ጉዳተኝነቱን ብቻ አሳይቶ ክስ ማቅረብ እንዲችል ፈቅዷል፤ መድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ግዴታ የተጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ያች የርኅራኄ መስመር ድርጅቱ ማስተባበል የሚገባውን ነገር ራሱ ያመነባት ሆነች። ከሕጉም በፊት ቢሆን ሰውየው የሚችለውንና የማይችለውን ሳይጠይቁት ወስነውለታል።

ታዲያ ምክንያት አይነገር ማለቴ ነው? አይደለም። በደብዳቤው ላይ አንድም ምክንያት ባይጻፍ ወይም አንድ ብቻ ቢጻፍ ይበቃል። ከተጻፈ ሦስት ነገር ያሟላ፤ እውነት ይሁን፣ በማስታወቂያው ላይ ከነበረ መስፈርት ጋር ይያያዝ፣ በቃለ ጉባኤውም ላይ በዚያው መልክ ይገኝ። ክርክር የሚወፍረው ምክንያቱ ሲለዋወጥ ነው። ደብዳቤው «ልምድ» ብሎ፣ የደወለው ሰው «ከቡድኑ ጋር መግባባት» ካለና ቃለ ጉባኤው «ቃለ መጠይቅ» የሚል ከሆነ፣ ሦስቱም በየራሳቸው እውነት ቢሆኑ እንኳ አብረው ሲታዩ የውሸት ይመስላሉ። ለሦስተኛው ተወዳዳሪ «ለዚህ ቦታ የተወሰነውን የማለፊያ ነጥብ አላሟሉም» ማለት ሦስቱንም ያሟላል። ለሴትዮዋ ግን አንድም እንከን ስላልነበረባት ሰበብ መፈለግ ስሕተት ነው፤ ሌላ ሰው መመረጡን መናገር ብቻ ይበቃል። ዝርዝሩ ለሚፈልግ ሰው በቀጠሮ ይሰጥ፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ተስፋ ስለ መስጠት

በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ምክር ነው። «ቀጣዩ ቦታ ያንተ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀጣይ ቦታ ስለ መኖሩ አያውቅም፤ ቢኖርም ወሳኙ እርሱ አይደለም። የሰማው ሰው ግን ኑሮውን በዚያ ያስተካክላል። ሌላ ጥሪ ይተዋል፤ አንዳንዱም ክሊራንስ ቶሎ እንዲደርስለት ብሎ ያለበትን ሥራ ይለቃል። በሕጉ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጥ፣ «አሁኑኑ ልጀምረው» የሚለው ጠንቃቃና ታታሪው ሰው ነው። ሐሰተኛው ተስፋ ቀድሞ የሚጎዳው ይህንን ሰው ነው።

እውነተኛ ተስፋ ካለ ግን መደበቅ አይገባም። እውነተኛው ተስፋ ተጠባባቂነት ነው፤ ልክም አለው። ለየትኛው ቦታ፣ በስንተኛ ደረጃ፣ እስከ መቼ የሚሉት ይጻፉ። የጊዜው ልክ ከአየር አይመጣም። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ መጋዘን ይህ አሥር ሳምንት ያህል ነው። የተመረጠው ሰው ኅዳር 17 ሥራ ቢጀምር፣ የገናና የጥምቀት በዓላት ታስበው የሙከራ ጊዜው በጥር ማብቂያ ገደማ ያልቃል። ስለዚህ «እስከ ጥር 30» ማለት ትርጉም ያለው ቀን ነው። «ወደፊት ክፍት ቦታ ሲኖር» የሚለው ግን ቀንም ቦታም ስለሌለው ሰውየው ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቡ እንዲሰቀል ብቻ ያደርጋል።

በዚያው ቀን ስለ መላክ

ጸሐፊው መዘግየትን መቃወማቸው ተገቢ ነው፤ ለሦስተኛው ተወዳዳሪም ፍጹም ትክክል ናቸው። ማለፊያውን ስላላሟላ ማንም ቢቀርበት እርሱ አይጠራም፤ በማግሥቱ ይነገረው። ሁለተኛዋ ግን እንደዚያ አይደለችም። የኮሚቴው ውሳኔ ቅጥር አይደለም። የተመረጠው ሰው በደመወዙ ላይስማማ፣ ማስረጃው ሲጣራ ችግር ሊገኝበት፣ አሁን ያለበት ድርጅት ጨምሮለት ሊቀር ይችላል። ኅዳር 3 ቀን «አልተመረጡም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» የተባለች ሴት ኅዳር 9 ቀን «ይምጡ፣ ይፈርሙ» ብትባል የደረሳት የመጀመሪያው መልእክት ሐሰት ነበር ማለት ነው። ሥራውን ብትይዝ እንኳ ሌላው ሲቀር የተጠራች መሆኗን ይዛ ትገባለች።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ኅዳር 3 ኮሚቴው ወሰነ። ኅዳር 4 ለሦስተኛው የስንብት መልእክት፣ ለመጀመሪያው የቅጥር ጥያቄ በጽሑፍ ይደርሳል፤ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ኅዳር 8 ይባላል። በዚያው ኅዳር 4 ለሁለተኛዋ አጭር መልእክት ይላካል፦ «ውድድሩ ገና አልተጠናቀቀም፤ ቁርጡን እስከ ኅዳር 16 እናሳውቅዎታለን።» ይህ ሐሰት የለበትም። ማስረጃው ተጣርቶ ውሉ ኅዳር 15 ሲፈረም የመጨረሻው መልእክት በማግሥቱ ይወጣል። ፊርማው ከዘገየ በተባለው ቀን አዲስ ቀን ይነገራል፤ ቀኑ በዝምታ ካለፈ ግን ጸሐፊው የተቆጡበት ነገር ተፈጸመ ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስጠብቅ ድርጅትም ለዚያ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው መልእክት በድርጅቱ ቴሌግራም ላይ የሚወጣው ላልተመረጡት ከተነገረ በኋላ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በዚያው ድርጅት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የቅርብ አለቃው በሩን ዘግቶ በአካል ይንገረው፤ ነገ አብሮ የሚሠራን ሰው በወረቀት ብቻ ማሰናበት አይገባም።

ስለ ስልክ

መደወሉን አልቃወምም። የመጨረሻ ዙር የደረሰ ሰው ድምፅ ሊሰማ ይገባዋል። ችግሩ ያለው «ጥያቄው እስኪያልቅ» በሚለው ላይ ነው። ያልተመረጠ ሰው በዚያች ደቂቃ የሚጠይቀው ጥያቄ የሐዘን ጥያቄ ነው፤ መልስ በተሰጠው ቁጥር ሌላ ይወለዳል። የደወለውም ሰው ለማጽናናት ሲል «እኔ ብሆን አንቺን ነበር የምመርጠው» ይላል። ይህች ቃል በኋላ ኮሚቴው ተከፋፍሎ እንደነበር ማስረጃ ተደርጋ ትጠቀሳለች።

ስለዚህ ጥሪው ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ውሳኔው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ ከብዙ ምስጋና በኋላ ዱብ ማድረግ ጭካኔ ነው። ሰውየው ሥራ ላይ ሆኖ ጓደኞቹ እንዳይሰሙበት በቅድሚያ «ለመነጋገር ይመቻል?» ተብሎ ይጠየቅ። የሚደውለው ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ዝምድና የሌለው አንድ የተመደበ ሰው ይሁን፤ ጥሪው ሲያልቅም የጽሑፍ መልእክቱ ወዲያው ይከተል። ጽሑፉ ወደ ሌሎች እንደሚተላለፍ ታስቦ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው እንጂ የሌሎቹ ስምና ስልክ በሚታይበት የጋራ መልእክት አይላክ። ድሬዎች «አንተ» «አንቺ» መባባልን የቅርበት ምልክት አድርገን እንወደዋለን። ይህ ጽሑፍ ግን በቤተሰብ ፊት ደጋግሞ የሚነበብ ስለሆነ በ«እርስዎ» ይጻፍ።

ለሁለተኛዋ ተወዳዳሪ የሚላከው ሙሉ መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ለወ/ሪት (ሙሉ ስም)፣
ለመጋዘን ኃላፊነት በተደረገው ውድድር ሌላ ተወዳዳሪ የተመረጠና ቅጥሩም የተጠናቀቀ መሆኑን እናሳውቃለን። በሦስቱም ፈተናዎች ተገኝተው ስለተወዳደሩ እናመሰግናለን።
ለዚሁ ቦታ በተጠባባቂነት አንደኛ ሆነው ተይዘዋል። ይህም እስከ ጥር 30 ብቻ ያገለግላል፤ እስከዚያ ካልጠራንዎት ያበቃል። የቅጥር ቃል ስላልሆነ ሌላ ሥራ መፈለግዎን አያቋርጡ፤ ያሉበትንም ሥራ አይልቀቁ።
በራስዎ የፈተና ሥራ ላይ አስተያየት ከፈለጉ እስከ ኅዳር 28 በዚህ ስልክ ያሳውቁን፤ የ15 ደቂቃ ቀጠሮ እንይዛለን።
ለማመሳከሪያ ያስረከቡት ዋና ማስረጃ ካለ በሥራ ሰዓት ከቢሮአችን መውሰድ ይችላሉ።
የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ (ስምና ፊርማ)»

የአሸናፊው ስም፣ ነጥብና ማነጻጸሪያ በዚህ ውስጥ የለም። «እጅግ ከባድ ውሳኔ ነበር» የሚልም የለም፤ ውሳኔው ለማን እንደከበደ የምታውቀው እርሷ ናት። የቀረበላትን ግን ሁሉ ከነቀኑ ታውቀዋለች። ተጠባባቂ ላልሆነው ለሦስተኛው ሁለተኛው አንቀጽ ይወጣና በምትኩ የማለፊያ ነጥቡ ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ ቅጥሩ ገና ስላልተጠናቀቀም የመጀመሪያው መስመር «በዚህ ውድድር አልተመረጡም» ይላል።

በጽሑፍ ተቃውሞ ቢመጣ፣ በኮሚቴው ውስጥ ያልነበረ ሰው የነጥብ ወረቀቱንና ቃለ ጉባኤውን አይቶ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ ይመልስ። የድምር ስሕተት ካገኘ ስሕተቱን ይመን፤ ማድበስበስ ከመጀመሪያው ጥፋት ይብሳል።

አሁን ወደ ቀጠሮው። ጸሐፊው ተወዳዳሪው ከፈተናው የሚማርበት ነገር ይዞ ይሂድ ማለታቸውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ቦታው ግን ይህ የ15 ደቂቃ ውይይት ነው። የሚያነጋግራት ሰው የራሷን የፈተና ወረቀት ብቻ ይዞ ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው አይነሣ፤ «ብትሆኚ ኖሮ» የሚል ግምት አይግባ። ለምሳሌ እንዲህ ይበላት፦ «በተግባር ፈተናው የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱና የአካል ቆጠራው በ14 ካርቶን እንደሚለያዩ በትክክል አግኝተዋል። ልዩነቱ ከየትኛው ቀን እንደጀመረ ግን ከወጪ ሰነዶቹ ተነሥተው አላሳዩም፤ ያጡት ነጥብ በአብዛኛው እዚያ ነው። በቃለ መጠይቁም ዕቃ ጎድሎ ሲገኝ ለማን ሪፖርት እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ የአጣሪ ኮሚቴውን ብቻ ጠቅሰዋል፤ የሚጠበቀው በመጀመሪያ የክፍሉን ኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበር።»